ጽሑፉ የደበዘዘ ሳንጃ፦ ሰብሳቢው ጠየቀ፣ ነጋዴው መለሰ

«ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አንድ አሮጌ ሳንጃ ገዝቻለሁ። ጽሑፍ ነበረበት፤ አሁን ግን ጠፍቷል። የሸጠልኝ ሰው የአድዋ ነው ብሎኛል። የየት አገር ሥራ እንደሆነና ምን ያህል እንደሚያወጣ ቢነግሩኝ ውለታዎን አልረሳም።»

አሮጌ መሣሪያ የሚገዙና የሚሸጡ ሰዎች እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደጋግመው ይደርሳቸዋል። ጸሐፊው ትሑት ነው፣ ጥያቄውም ከልብ ነው፤ ነገር ግን መልስ የለውም። በስድስት መስመር ውስጥ ያየውን፣ የሰማውንና የሚመኘውን አንድ ላይ ቀላቅሎ ልኮታል። ነጋዴው ሳንጃውን አላየውም። «ጽሑፉ ጠፍቷል» የሚለውን ቃል ይዞ ወዴትም ሊሄድ አይችልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ከየት መጣ?» የሚለው አንድ ጥያቄ ሁለት ጥያቄ ሸሽጓል፤ አንዱ ብረቱ የት ተሠራ የሚል ሲሆን ሌላው በማን እጅ አልፎ እዚህ ደረሰ የሚል ነው። የመጀመሪያውን ብረቱ ራሱ ሊመልስ ይችላል። ሁለተኛውን ግን ብረት ብቻውን አይመልስም።

ልምድ ያለው ነጋዴ ለእንዲህ ያለው ደብዳቤ ዋጋ አይጽፍም። ዕቃውን ላክልኝም አይልም፤ በተለይ ነጋዴው የሚኖረው ውጭ አገር ከሆነ፣ ቅርስ ሊሆን የሚችል ዕቃ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። የሚጽፈው እንዲህ ነው፦ «ልጄ፣ በመጀመሪያ አትጥረገው። ቀጥሎ ለካው። ከዚያ በኋላ የምታየውን ብቻ ጻፍልኝ፤ የሰማኸውን በሌላ ወረቀት አድርገው።»

ሰብሳቢው ምክሩን ሰምቶ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፈ እንበል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ሁለተኛው ደብዳቤ ነው፤ ሳንጃ እንዴት እንደሚነበብ ከእሱ መማር ይቻላልና።

«ጋሼ፣ እንዳዘዙኝ አድርጌያለሁ። ጠቅላላ ርዝመቱ ወደ 64 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። ስለቱ ብቻውን 52 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ቀጥ ያለ ነው፣ ጉብጠት የለውም። ከጫፉ በኩል ሲያዩት ፐ ፊደልን ይመስላል፤ ጀርባው ሰፊና ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ስለቱ እየቀጠነ ይወርዳል። እጀታው በሁለት በኩል እንጨት ነው፤ እንጨቱን የያዙት ሁለት የናስ ምስማሮች ናቸው። የእጀታው ራስም ናስ ነው፤ ከጎኑ የሚጫን ቁልፍና ሞላ አለው። በእጀታውና በስለቱ መካከል ያለው መስቀለኛ ብረት በአንድ በኩል ቀለበት ሠርቷል፤ የቀለበቱ ውስጥ 17 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ነው። በሌላው በኩል እንደ ሜንጦ ታጥፏል። በመስቀለኛው ብረት ላይ አንድ የላቲን ፊደልና አምስት አኃዝ ተመቷል። አፎቱ ብረት ነው፤ በእሱም ላይ ቁጥር አለ፣ ግን ከሳንጃው ጋር አይገጥምም። በስለቱ ጀርባ ላይ የተያያዘ የእጅ ጽሑፍ የመሰለ ቅርጽ ይታያል። ምን እንደሚል ለማንበብ ግን አቃተኝ።»

ይህ ደብዳቤ ሲደርሰው ነጋዴው ጽሑፉን ገና ሳይነካ ግማሹን መልስ አግኝቷል። ፐ ቅርጽ ያለው 52 ሳንቲ ሜትር ስለት፣ የእንጨት እጀታ፣ የናስ ራስና የታጠፈ መስቀለኛ ብረት ባንድ ላይ ሲገኙ የሚጠቁሙት እ.ኤ.አ. በ1874 የፈረንሳይ ጦር ከግራ ጠመንጃ ጋር የተቀበለውን ሳንጃ ነው። ጠመንጃውን ያወጣው ባዚል ግራ የተባለ የፈረንሳይ መኮንን ሲሆን፣ አባቶቻችን መሣሪያውን ውጅግራ ይሉታል። 11 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርስ ባለ አንድ ተኩስ ጠመንጃ ነው፤ የሳንጃው ቀለበትም የሚጠልቀው በአፈሙዙ ላይ ነው። ሰብሳቢው የቀለበቱን ስፋት መለካቱ ለዚህ ይረዳል። ሌላው ሁሉ ተመሳሳይ ሆኖ ቀለበቱ ከጠበበ ወይም ከሰፋ፣ ሳንጃው ለሌላ ጠመንጃ ተሠርቷል ወይም ኋላ ተለውጧል ማለት ነው።

ከእሱ በፊትና በኋላ የመጡትም በቅርጻቸው ይለያሉ። ግራን የቀደመው የሻስፖ ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1866 የወጣ ሲሆን፣ ሳንጃው እንደ ያታጋን ጎራዴ ሁለት ጊዜ የታጠፈ ረጅም ስለት አለው፤ እጀታውም ሙሉ በሙሉ ባለ ሸንተረር ናስ ነው። ግራን የተካው የ1886ቱ ለበል ደግሞ ስለቱ ቀጭን መርፌ መሰል ነው፤ ተቆርጦ ቢታይ የመስቀል ቅርጽ ይኖረዋል። ስለዚህ ሰብሳቢው በእጁ የያዘው ከሁለቱ መካከል ያለው ነው። ይህን ማወቅ ለጽሑፉ ንባብም ያገለግላል፤ ዓመቱ ከ1874 ሊቀድም አይችልም።

አሁን ወደ ጽሑፉ እንምጣ። የግራ ሳንጃ የተሠራበትን ቦታና ጊዜ የሚናገረው በስለቱ ጠፍጣፋ ጀርባ ላይ ነው። ከእጀታው በኩል ይጀምርና በተያያዘ የእጅ ጽሑፍ «የእገሌ ከተማ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ» ይላል፤ ወርና ዓመት ያስከትላል። መንግሥታዊ ፋብሪካዎቹ የነበሩት በሳንት ኤትየን፣ በሻቴልሮና በቱል ከተሞች ነው። በግል ፋብሪካዎች የተሠሩም አሉ። ከፈረንሳይ ውጭ ደግሞ የኦስትሪያው ሽታየር ፋብሪካ ይህንኑ ሳንጃ ለግሪክ ጦር ሠርቷል፤ በእነዚህ ላይ የሽታየር ስም ይነበባል። ስለዚህ ቅርጹን ብቻ አይቶ «ፈረንሳይ ሠራው» ማለት ገና ችኮላ ነው።

ጽሑፉ ጥልቅ አይደለም። ጀርባውም ጠባብ ነው። ሳንጃው ከአፎቱ በወጣና በገባ ቁጥር የአፎቱ አፍ ይፍቀዋል። ቤት ውስጥ ደግሞ ሰው በአመድና በአሸዋ ይፈትገዋል። ብዙ ጊዜ ግን ፊደሉ ጨርሶ አልጠፋም። ከዓይን የተሰወረው ጥልቀቱ ስለቀነሰና በውስጡ የሞላው ቆሻሻ የብረቱን መልክ ስለያዘ ነው። ሰብሳቢው እዚህ ላይ ትዕግሥት ካጣ፣ በብርጭቆ ወረቀት አንድ ጊዜ ከጠረገው ወይም አሲድ ካስነካው፣ የቀረችውን የፀጉር ያህል ጥልቀት ለዘላለም ይወስዳታል። ይህን በጣም አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ፤ በመቶ ዓመት ያልጠፋ ጽሑፍ ገዢው በደስታ ሊያሳምረው ሲነሣ በአንድ ከሰዓት ይጠፋል።

ትክክለኛው መንገድ ቀላል ነው። ስለቱን ጥቂት ቀለል ያለ የማሽን ዘይት ባስነካ ለስላሳ ጨርቅ ማበስ፣ ዘይቱ የላቀቀውን አቧራ በደረቅ ጥጥ ማንሣት። ከዚያ ክፍሉን ማጨለም፣ አንድ የእጅ ባትሪ ብቻ ማብራት፣ ብርሃኑንም ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ብረቱን ሊነካ እስኪቃረብ ዝቅ አድርጎ መያዝ። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ጥልቀቱ እጅግ ትንሽ የሆነ ጭረት እንኳ አንደኛው ዳርቻው ጥላ ይጥላል። ፊደል የሚነበበው በዚያ ጥላ ነው። ባትሪውን አንድ ጊዜ ከእጀታው በኩል፣ አንድ ጊዜ ከጫፉ በኩል፣ አንድ ጊዜ ከግራ፣ አንድ ጊዜ ከቀኝ እየያዙ በየጊዜው ፎቶ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ከአንድ አቅጣጫ የማይታየው ቋሚ ጭረት ከሌላው ይታያልና። ከስለቱ ጎን ማስመሪያ ማስቀመጥ አይረሳ። ይህ ካልበቃ ስስ ወረቀት በጀርባው ላይ ዘርግቶ በለስላሳ እርሳስ ጎን በቀስታ ማሻሸት ይረዳል፤ ጭረቱ በወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ሰብሳቢው ይህን አድርጎ አራት ፎቶና አንድ የእርሳስ ቅጂ ላከ። «ጋሼ፣ አሁን ጥቂት ታየኝ» አለ። «መጀመሪያው ላይ ትልቁ ኤም አለ። ከዚያ ብዙ ባዶ ነው። ከመካከል ሁለት ረጃጅም ጭረቶች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ሁለት ኤል ይመስሉኛል። ከእነሱ ቀጥሎ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት አለ፣ ከዚያ በትልቅ ኤም የሚጀምር አጭር ቃል፣ በመጨረሻም 18፣ ወደ ታች የወረደ ጭራ ያለው አንድ አኃዝ፣ ከዚያ 6። ሁለቱን ኤሎች ሳይ ሻቴልሮ መሰለኝ።»

የነጋዴው ሥራ ሁለቱን ጭረቶች የት ያስቀምጣቸዋል የሚለው ነው። በፈረንሳይኛ አጻጻፍ ሳንት ኤትየን ውስጥ ሁለት ኤል የለም፤ ሁለት ረጃጅም ጭረቶች ጎን ለጎን ሊቆሙበት አይችሉም። ስለዚህ ይወጣል። በቱል ውስጥ ሁለት ኤል አለ። በሻቴልሮም አለ። ግን አንድ ሦስተኛ ዕጩ አለ፣ ብዙ ሰው የሚስተውም እሱን ነው፤ የወሩ ስም። ጁላይ በፈረንሳይኛ ሲጻፍ ሁለት ኤል አለበት። ጀማሪ ሰብሳቢ የጁላይን ኤሎች አይቶ ከተማ ሊያደርጋቸው ይችላል።

ቦታቸው ይለያቸዋል። ወር ሁልጊዜ ከከተማው በኋላና ከዓመቱ በፊት ነው የሚቆመው። በዚህ ሳንጃ ላይ ከሁለቱ ኤሎች በኋላ፣ ከ18 በፊት፣ በኤም የሚጀምር ሌላ አጭር ቃል አለ። ወሩ እሱ ነው። በመሆኑም ኤሎቹ የከተማው ናቸው፤ የቀሩት ቱልና ሻቴልሮ ብቻ ናቸው። አሁን የ9 ሚሊ ሜትሩ ክፍተት ዋጋ ያገኛል። በፎቶው ላይ የተረፉት ትናንሽ ፊደላት እያንዳንዳቸው ወደ 2 ሚሊ ሜትር ስፋት አላቸው። ከኤሎቹ በኋላ ሻቴልሮ ገና ስድስት ፊደል ይቀረዋል፤ ከስድስቱም መካከል አንዱ ሌላ ረጅም ኤል ነው። ስድስቱን ለመጻፍ ብቻ 12 ሚሊ ሜትር ያስፈልግ ነበር፤ በቃላቱ መካከል የሚተወው ቦታ ገና አልተቆጠረም። ቱል ግን ከኤሎቹ በኋላ አንድ ፊደል ብቻ ይቀረዋል። አንድ ፊደልና ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ 9 ሚሊ ሜትር ውስጥ በሚገባ ይገባል። ሳንጃው የቱል ነው።

ወሩን በተመለከተ በኤም የሚጀምሩት የፈረንሳይ ወራት ሁለት ናቸው፤ ማርችና ሜይ። አንደኛው አራት ፊደል፣ ሁለተኛው ሦስት ፊደል ነው። ፎቶው ሁለቱን ለመለየት የሚያበቃ ዳርቻ አላሳየም፤ ስለዚህ ነጋዴው «ማርች ወይም ሜይ» ብሎ ይተወዋል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ ሌላ ልማድም አለ። የዚያ ዘመን ፈረንሳዮች የዓመቱን የመጨረሻ ወራት ሲያሳጥሩ በቁጥር ይጀምሩ ነበር፤ ሴፕቴምበርን በ7፣ ኦክቶበርን በ8፣ ኖቬምበርን በ9 ጀምረው የቃሉን መጨረሻ ፊደላት ያስከትላሉ። ቁጥሩ የመጣው ዓመቱ በማርች ይጀምር ከነበረበት ከጥንቱ የሮማውያን አቆጣጠር ነው። ስለዚህ ከዓመቱ በፊት 8 ያየ ሰው ኦገስት ነው ብሎ ቢመዘግብ በሁለት ወር ይሳሳታል።

ዓመቱ ይበልጥ ግልጽ ነው። መጨረሻው 6 ነው። 1866 ሊሆን አይችልም፤ ያኔ የግራ ሳንጃ አልነበረም። ሦስተኛው አኃዝ 8 ቢሆን ሁለት ክብ ይኖረው ነበር። ሰብሳቢው ያየው ወደ ታች የወረደ ጭራ ነው፤ የተያያዘው የእጅ ጽሑፍ 7ን የሚጽፈው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. 1876።

ነጋዴው ግን እዚህ ላይ አላቆመም፤ ሊያቆምም አይገባውም። ጽሑፉ እውነተኛ ነው ወይ የሚል ጥያቄ ይቀራል። ዋጋ ለመጨመር በአሮጌ ብረት ላይ አዲስ ጽሑፍ የሚቀርጹ ሰዎች አሉ፤ የደበዘዘውንም በመርፌ እየተከተሉ የሚያጎሉ አሉ። የሚያጋልጣቸው ዝገቱ ነው። ዝገት በጊዜ ብዛት ብረቱን ይበሳዋል፤ ትናንሽ ጉድጓዶች ይሠራል። ጽሑፉ ከዝገቱ የቀደመ ከሆነ ጉድጓዱ ፊደሉን ይቆርጠዋል፤ ጭረቱ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ደርሶ ይሰበራል፣ ከማዶ ይቀጥላል። ጽሑፉ ከዝገቱ በኋላ ከተቀረጸ ደግሞ የመሣሪያው ጭረት ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ግድግዳውን ያበራዋል። ሰብሳቢው በአጉሊ መነጽር እንዲያይ ተጠየቀ። ከ18ቱ በላይ ያለች አንዲት የዝገት ጉድጓድ የ8ን የላይኛ ክብ ግማሽ በልታዋለች፤ በጉድጓዱ ውስጥ ምንም ጭረት የለም። ጥሩ ምልክት ነው።

የመደብዘዙ ዓይነትም ይናገራል። አፎት የፋቀው ብረት በርዝመቱ የሄዱ ቀጫጭን ጭረቶች ይይዛል፤ የጀርባው ሁለት ጠርዞች ግን እንደሰሉ ይቀራሉ። ሰው በአሸዋ ወይም በሞረድ የፈተገው ግን ጠርዞቹ ይዶለዱማሉ፤ ጭረቱም ወደ ጎን ይሄዳል። የእኛ ሰብሳቢ ሳንጃ ከእጀታው አጠገብ የመጀመሪያው፣ ወደ ጫፉ ደግሞ ሁለተኛው ዓይነት ነው። አንድ ጊዜ ወታደር አዘውትሮ መዝዞታል፤ ኋላም ቤት ውስጥ ሰው ፈትጎታል። የግራ ሳንጃ ሲሠራ ለመውጋት ነበርና፣ ስለቱ እንደ ቢላዋ ተስሎ ከተገኘም ከፋብሪካ የወጣበት መልክ አይደለም።

ቀጥሎ ቁጥሩ ነው። በመስቀለኛው ብረት ላይ የተመታው ፊደልና ቁጥር ሳንጃውን ከራሱ ጠመንጃ ጋር የሚያገናኝ ነው። አፎቱም ያንኑ ቁጥር መያዝ ነበረበት። በዚህ ዕቃ ላይ ሁለቱ አይገጥሙም፤ ስለዚህ አፎቱ የሌላ ሳንጃ ነው። በመጋዘንም በዘመቻም አፎት ይለዋወጣል፤ ይህ ዕቃውን ሐሰተኛ አያደርገውም። ሻጩ ግን «ሙሉ ዕቃ» ብሎ ሊሸጠው አይገባም።

ከዚህ በኋላ ሰብሳቢው በሌላ ወረቀት የጻፈው፣ «የአድዋ ነው» የተባለው ይመጣል። ወሬው ያለ ምክንያት አልተወለደም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ለበልን ስትቀበል የግራ ጠመንጃ ጊዜ ያለፈበት ሆነ፤ ብዙ ሺህ መሣሪያም ለሽያጭ ወጣ። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ በኩል፣ በኦቦክና በጅቡቲ፣ ወደ ሸዋ የገቡት የፈረንሳይ ነጋዴዎች ለምኒልክ ያቀረቡት መሣሪያ ውስጥ ግራ ነበረበት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ በኢትዮጵያውያን እጅ ከነበሩት ጠመንጃዎች አንዱም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 ቱል ላይ የተሠራ ሳንጃ በዚያ ቀን በዚያ ቦታ ሊገኝ ይችል ነበር።

ነገር ግን ሊገኝ ይችል ነበር ማለት ተገኝቷል ማለት አይደለም። ግራ ከአድዋ በኋላም ወደ አገራችን መግባቱን አላቆመም፤ በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ዳግም ሲወርረን እንኳ በአርበኞች እጅ ነበር። ይህ ሳንጃ ከአድዋ በፊት፣ ከአድዋ በኋላ ወይም ከዘመናት በኋላ በአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ሻንጣ ሊገባ ይችል ነበር። በብረቱ ላይ ያለው 1876 የተሠራበት ዓመት ነው፤ የገባበትን ዓመት አይናገርም። አንዳንድ ወደ ኢትዮጵያ የገቡ ጠመንጃዎች የአንበሳ ምልክትና የአማርኛ ጽሑፍ ተመትቶባቸዋል፤ በዚህ ሳንጃ ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልተገኘም። ቢገኝም ኖሮ በዝገት ጉድጓዱ ዘዴ መመርመር ነበረበት። ከብረቱ ውጭ ያለው ማስረጃ የቤተሰብ ነው፤ የቀድሞው ባለቤት ማን ነበር፣ አያቱ የማን ጦር ውስጥ ነበሩ፣ ሳንጃውን ይዘው የተነሡት ፎቶ አለ ወይ፣ በኑዛዜ ወይም በንብረት ዝርዝር ተጽፏል ወይ። የሸጠውን ሰው መጠየቅ የሚቻለው ሰውየው በሕይወት ሳለ ነው፤ ጽሑፉ በአጉሊ መነጽር ከሚነበብበት ከማንኛውም ሥራ ይልቅ የሚያጣድፈው ይህ ነው።

የነጋዴው የመጨረሻ መልስ አጭር ነበር።

«ልጄ፣ ያየሁትን እጽፍልሃለሁ። የ1874 ሞዴል የግራ ሳንጃ ነው፤ በቱል የመንግሥት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1876 በማርች ወይም በሜይ የተሠራ። ጽሑፉ የመጀመሪያው ነው፤ በከፊል ተፍቋል። እንጨቱና ናሱ አልተለወጡም። አፎቱ የዚያው ሞዴል ነው፤ ቁጥሩ ግን ሌላ ነው። አድዋን በተመለከተ ከሻጩ ቃል በቀር የቀረበልኝ ነገር የለም፤ ስለዚህ ዋጋውን ያለ አድዋ ቆርጬልሃለሁ። የሻጩን ስም፣ የኖረበትን አገርና ሳንጃው ከማን እንደደረሰው አሁኑኑ ጠይቀህ ጻፍ፤ ያንን ወረቀት ስታመጣ ዋጋውን እንደገና እንነጋገራለን። የስለቱን ጀርባ ስስ ዘይት ቀብተህ ከአፎቱ ውጭ አስቀምጠው፤ አፎቱ ውስጥ እርጥበት ይያዛል፣ የቀሩትንም ፊደላት የሚበላቸው እሱ ነው።»